ትንሽ ተከታይ ይዞ የሚከፈልበት ሜምበርሺፕ መጀመር፦ ሰው ምኑን ብሎ ነው የሚከፍለው? (ከለገጣፎ የዶሮ ቻናል ጋር ደረጃ በደረጃ)

ቴሌግራም ላይ 3 ሺህ 4 ሺህ ተከታይ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ያሰላል፣ ከነዚህ ውስጥ መቶው ብቻ በወር መቶ መቶ ብር ቢከፍሉኝ እኮ ብሎ። ከዛ «ቪአይፒ ግሩፕ ከፍተናል፣ ተጨማሪ ቪዲዮ ታገኛላችሁ» ብሎ ይለጥፋል፣ ስምንት ሰው ይገባል፣ ከስምንቱ ሶስቱ ዘመዶቹ ናቸው፣ በሁለተኛው ወር የሚቀሩት ሶስቱ ዘመዶች ናቸው። ከዛ «የኛ ሰው ለኦንላይን ነገር አይከፍልም» ይባላል።

ይከፍላል። ለተጨማሪ ቪዲዮ ግን አይከፍልም፣ ያለውንም አይቶ አልጨረሰማ። የሚከፍለው ራስ ምታት ለሆነበት፣ ብቻውን ሊፈታው ላልቻለው፣ ደግሞም ቀን ቆጥሮ ለሚመጣበት ነገር ነው። እዚህ የምጽፈው ያንን ነገር እንዴት እንደምታገኙት፣ እንዴት ወደ ፓኬጅ እንደምትቀይሩት፣ እና እናንተን ሳይበላ እንዴት እንደሚዘልቅ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይሆን አንድ ቻናል ይዤ ልሂድ። ለገጣፎ የምትኖር ልጅ ነች፣ ስለ ዶሮ እርባታ ትጽፋለች፣ ተከታዮቿ ግቢያቸው ውስጥ 20 30 ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የያዙ ሰዎች ናቸው፣ ከጣፎ፣ ከካራ፣ ከሰንዳፋ፣ ጥቂት ደግሞ ከሱሉልታ። ስሟን አልጠራም፣ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻለሁ። እናንተ ስለ ዶሮ ሳይሆን ስለ ልብስ ስፌት ወይ ስለ መኪና ጥገና ልትጽፉ ትችላላችሁ፣ አካሄዱ አይለያይም።

1. ተከታዩን ትታችሁ ተመላላሹን ቁጠሩ

ቻናሏ ላይ ያለው ቁጥር 3,800 ነው። አንድ ፖስት የሚያዩት ግን 800 ገደማ ናቸው፣ ቀሪው አንዴ ገብቶ ሚውት ያደረገ ነው። 800ውም ገበያ አይደለም። ገበያው ማን እንደሆነ ለማወቅ የሁለት ወር ኢንቦክሷንና ኮመንቷን ወደ ኋላ ሄዳ አነበበች፣ አንድ ደብተር ይዛ ማን ስንት ጊዜ እንደጻፈ እየጫረች። 110 ሰው ገደማ ጽፎላታል፣ ከዛ ውስጥ ከሶስት ጊዜ በላይ ተመላልሶ የጠየቀው ወደ 40 ነው።

እነዚህ 40ዎቹ ናቸው ታማኞቹ፣ ፓኬጁ የሚሰራው ለነሱ ነው። ይሄን ቁጥር ሳታውቁ ዋጋ ብትቆርጡ በጭፍን ነው የምትሰሩት፣ ምክንያቱም ለ40 ሰው የሚሆን ጥቅም እና ለ3,800 ሰው የሚሆን ጥቅም አንድ አይደለም። ለ40 ሰው በስማቸው እየጠራችሁ መስራት ትችላላችሁ፣ ትንሽ መሆን ጥቅሙ እሱ ነው። ትልቅ ቻናል ያለው ሰው ይሄን ማድረግ አይችልም፣ ስለዚህ እሱን አትቅዱ።

የናንተ ተመላላሽ ከ15 በታች ከሆነ ግን ገና ነው፣ ፓኬጅ ምናምን አታስቡ፣ ሌላ ስድስት ወር በነጻ መልሱ።

2. የሚጠይቁትን ለዩ፣ ምን ትፈልጋላችሁ ብላችሁ ግን አትጠይቁ

ፖል ለጥፎ «ሜምበርሺፕ ብንጀምር ምን እንድናካትት ትፈልጋላችሁ» ማለት ዋጋ የለውም። ሰው በነጻ ሲጠየቅ ሁሉንም ይመርጣል። እውነተኛው መልስ ማታ በ4 ሰዓት «እህቴ ይቅርታ በዚህ ሰዓት» ብለው የጻፉላችሁ ነገር ውስጥ ነው ያለው።

የሷ ደብተር ሲደረደር አራት ክምር ሆነ። አንደኛውና ትልቁ «ዶሮዬ ምን ሆና ነው» የሚል ነው፣ ከኩስ ፎቶ ወይ ክንፏን ጥላ ከተቀመጠች ዶሮ ቪዲዮ ጋር። ሁለተኛው «መኖ ስንት ገባ፣ የት ይሻላል» ነው፣ በየሳምንቱ። ሶስተኛው እምነት የሚጣልበት ቄብ ወይ ጫጩት ሻጭ ፍለጋ ነው። አራተኛው ቁጥሩ ትንሽ ነው ግን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀው፦ «20 ዶሮ ነው ያለኝ፣ ለክትባት ማን ይመጣልኛል?»

ይሄን አራተኛውን በቅርበት እንየው፣ ጥሩ ጥቅማጥቅም ምን እንደሚመስል የሚያሳየው እሱ ነውና። የፈንግል ክትባት ብልቃጡ የሚመጣው ለብዙ ዶሮ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለመቶና ከዛ በላይ። 20 ዶሮ ያላት ሴትዮ ብልቃጡን ሙሉ ገዝታ አብዛኛውን ልትደፋ ነው ማለት ነው፣ ምክንያቱም አንዴ ከተበጠበጠ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ለነገ አይቀመጥም። እስከዛም በበረዶ ተይዞ ነው የሚመጣው። ባለሙያውም ለ20 ዶሮ ብሎ ሰንዳፋ ድረስ መምጣት አያዋጣውም። ስለዚህ ብዙው ሰው ሳያስከትብ ይቀራል፣ ፈንግል ሲገባ ደግሞ ግቢውን ባዶ አድርጎት ነው የሚወጣው።

ታዲያ አስቡት፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ስድስት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይሄው ችግር አለባቸው፣ ስድስቱንም የምታውቃቸው ደግሞ እሷ ብቻ ነች። ስድስቱን በአንድ ጠዋት ብታገናኛቸው ብልቃጡ አይባክንም፣ የባለሙያውም አበል በዶሮ ቁጥር ይካፈላል። አዲስ ቪዲዮ መስራት አላስፈለጋትም፣ የቪዲዮ ካሜራም አልገዛችም። ሰው የሚከፍልለት ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ እናንተ መሃል ላይ ስለሆናችሁ ብቻ ልትሰጡት የምትችሉት።

3. እያንዳንዱን ጥቅም በሰዓት መዝኑት

አሁን የምትሰጡትን ነገር ዘርዝሩና ከእያንዳንዱ አጠገብ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ አባል በእጥፍ ሲጨምር ስራዬም በእጥፍ ይጨምራል ወይ?

የመኖና የእንቁላል ዋጋ ዳሰሳ አይጨምርም። እሁድ እሁድ ቢሾፍቱ፣ ለገጣፎ እና ሰንዳፋ ላሉ ሻጮች ትደውላለች፣ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ ለ10 ሰውም ተላከ ለ100 ያው አንድ ሰዓት ነው። እንዲህ አይነቱ ጥቅም በርካሹ ፓኬጅ ውስጥ ይገባል።

የጥያቄ መልስ ግን ይጨምራል። ፎቶውን አይቶ፣ እድሜያቸው ስንት ነው፣ ምን በሉ፣ መቼ ተከተቡ ብሎ ጠይቆ መመለስ ለአንዱ ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። 30 አባል በወር ሶስት ሶስት ጊዜ ቢጠይቅ 90 ጥያቄ ነው፣ 630 ደቂቃ፣ አስር ሰዓት ተኩል። ይሄ ይቻላል፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ነው። 80 አባል ሲሆን ግን 28 ሰዓት ይሆናል፣ እዛ ላይ መልሱ እየቆየ ይመጣል፣ ሰዉ «ከፍዬ እኮ ነው» ማለት ይጀምራል፣ እናንተም ስልኩን ማየት ትጠላላችሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረገች። ጥያቄው በኢንቦክስ ሳይሆን በአባላት ግሩፕ ውስጥ እንዲጠየቅ ወሰነች፣ የአንዱ መልስ ለአስሩ እንዲሆን (ደግሞ ልምድ ያለው አባል እሷ ሳትደርስ ይመልሳል፣ ይሄ በራሱ ግሩፑን ህይወት ይሰጠዋል)። ሁለተኛ ቦታውን በ40 ዘጋችው፣ እና «በ24 ሰዓት ውስጥ» አለች እንጂ «ወዲያው» አላለችም። ወዲያው የሚል ቃል ፓኬጅ ላይ አትጻፉ፣ እኔ ይሄን ጽፎ እንቅልፍ ያገኘ ሰው አላየሁም።

አንዳንድ ጥቅሞች ደግሞ ሲሰሙ ደስ ይላሉ ግን መጣል አለባቸው። ስቲከር፣ ኩባያ፣ ቲሸርት እርሱት፣ ለ25 ሰው ማሳተም ውድ ነው፣ ከለገጣፎ ሱሉልታ አንድ ኩባያ ለማድረስ የሚከፈለው ከኩባያው ይበልጣል። የመኖ ሻጭ ቅናሽም ተጠንቀቁ፣ ሻጩ ሁለት ወር ቀንሶ በሶስተኛው ዋጋውን ጨምሮ «ቀነስኩላችሁ» ሲል የሚሰደበው እሱ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። እና «ግቢዬን መጥታችሁ ጎብኙ» የሚለው፣ ሰው በጣም የሚወደው፣ በዶሮ ጉዳይ ላይ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ከአንዱ ቤት ጫማ ላይ ተጣብቆ የመጣ በሽታ የሷንም የሌላውንም ግቢ ይጨርሳል። በናንተ ዘርፍ ይሄ ላይሰራ ይችላል፣ የስፌት ቤት ጉብኝት ምንም የለውም። ግን እያንዳንዱን ጥቅም «ይሄ በምን በኩል ሊጎዳ ይችላል» ብላችሁ አንዴ እዩት።

ምን እንደማይቆለፍም ወስኑ። ፈንግል አካባቢው ላይ ከታየ ማስጠንቀቂያው ለሁሉም በነጻ ነው የሚወጣው፣ የትኛው ክትባት መቼ እንደሚሰጥ የሚያሳየው ፕሮግራምም እንደዛው። ለምን ብትሉ፣ አንደኛ ነውር ነው፣ ሁለተኛ የማይከፍለው ጎረቤት ዶሮ ሲታመም የከፋዩም ይታመማል። ነጻው ቻናል ከተራቆተ ደግሞ ነገ አባል የሚሆነው ሰው ከየት ይመጣል?

4. ሁለት ፓኬጅ፣ ቢበዛ ሶስት

ብሮንዝ ሲልቨር ጎልድ ፕላቲኒየም ብሎ አራት አምስት መደርደር ለሰውም ለናንተም ግራ ነው፣ ማን ምን እንደሚገባው እናንተ ራሳችሁ ትረሳላችሁ። እሷ የደረሰችበት ይሄ ነው፦

«ደጋፊ»፣ በወር 100 ብር። የእሁዱን የዋጋ ዳሰሳ ያገኛል፣ በቃ። ይሄ ለሚወዷት ግን ብዙ ዶሮ ለሌላቸው፣ ወይም ለመጀመር ለሚያስቡ ነው። ሰው እዚህ ውስጥ የሚገባው ግማሹን ለዋጋው መረጃ፣ ግማሹን «እስካሁን በነጻ ስታግዢኝ ነበር» ብሎ ነው፣ ሁለተኛውን አትናቁት።

«ጎረቤት»፣ በወር 250 ብር፣ ቦታው 40። ከላይ ያለው፣ የአባላት ግሩፕ፣ በ24 ሰዓት መልስ፣ የክትባት ቀን፣ እና የጋራ የመኖ ግዢ። የክትባቱና የመኖው ወጪ ለብቻው ነው የሚከፈለው፣ አባልነቱ ወረፋውን ነው የሚሰጠው። ይሄን ከመጀመሪያው በግልጽ መጻፍ ነው፣ አለበለዚያ «250 ከፍዬ ክትባቱም ይከፈላል ወይ» የሚል ጭቅጭቅ ይመጣል።

ሶስተኛው «ለቤተሰብ» ነው፣ በወር 800፣ ቦታው 5 ብቻ። ይሄ ከኢንቦክሱ የወጣ ነው። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ለእናታቸው ወይ ለወንድማቸው ብር ልከው ዶሮ ያስጀምራሉ፣ ከዛ እየሄደ ይሁን አይሁን አያውቁም፣ እናት ደግሞ «ደህና ናቸው» ከማለት ውጪ አትናገርም። የቻናሉ ባለቤት በወር አንዴ ለእማማ ትደውልላቸዋለች፣ ስንት እንቁላል እየጣሉ ነው፣ ስንት ሞተ፣ መኖው መቼ ያልቃል ብላ ጠይቃ ውጭ ላለው ልጅ የሶስት ደቂቃ ቮይስ ትልካለች። ከፋዩና ተጠቃሚው የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ፓኬጁ የተሰራው ለሚከፍለው ጭንቀት ነው። ከአምስት በላይ ግን አትቀበልም፣ እማማ ጋር የሚደረግ ስልክ በሰባት ደቂቃ አያልቅማ፣ ሰላምታው ብቻ ሰባት ደቂቃ ነው።

20 ደጋፊ፣ 25 ጎረቤት፣ 4 ለቤተሰብ ሲሞላ በወር 2,000 እና 6,250 እና 3,200 ነው፣ ሲደመር 11,450 ብር። ሰዓቱ ደግሞ ዋጋ ዳሰሳ 4፣ ጥያቄ 9 ገደማ፣ ክትባት ቀን 4፣ መኖ ግዢ 5፣ የቤተሰብ ስልክ 4፣ ሂሳብና መልእክት 2፣ ሲደመር 28 ሰዓት ይሆናል። የአየር ሰዓትና ትራንስፖርት ስትቀንሱ በሰዓት 400 ብር አካባቢ ይወጣዋል። የናንተ ስሌት ከሌላ ስራችሁ የሰዓት ገቢ በታች ከወጣ ወይ ዋጋው ይጨምር ወይ አንድ ጥቅም ይውጣ፣ «ሰው ሲበዛ ይስተካከላል» አትበሉ፣ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል።

5. የሚታደስበትን ቀን ከችግራቸው ቀን ጋር አስሩት

ይሄኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከዋጋው በላይ ነው የማየው። ውጭ አገር ፔትሪዮን ላይ የወር ክፍያ የሚሰራው ካርዱ በየወሩ ራሱ ስለሚቆረጥ ነው፣ ሰውዬው ካላስቆመው ይቀጥላል። እዚህ በቴሌብር ሰው ለሰው ሲልክ ግን አብዛኛው በየወሩ ራሱ አስቦ ራሱ ነው የሚልከው። ቴሌግራም ላይ በስታርስ የሚከፈል ሰብስክሪፕሽን አለ፣ ግን ከጣፎ የእንቁላል ነጋዴ ስታርስ ግዙ ብትሉት ነገሩ እዛው ያልቃል። ስለዚህ በየወሩ ካስከፈላችሁ በዓመት 12 ጊዜ «ይሄ ነገር ያስፈልገኛል ወይ» ብሎ እንዲያስብ እያደረጋችሁት ነው።

እሷ በሶስት ወር አደረገችው፣ ጎረቤት 750፣ ደጋፊ 300 በአንዴ። ሶስት ወር ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። የፈንግል ክትባት ለእንቁላል ጣይ በየሶስት ወር አካባቢ ይደገማል፣ ስለዚህ አባልነቱ የሚያልቀው የሚቀጥለው የክትባት ቀን ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። አባሉ «ላድስ ወይ» ብሎ ሲያስብ የሚያስበው ስለ ቪዲዮ አይደለም፣ ስለሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ለቤተሰብ የሚለው ስድስት ወር ነው፣ የአንድ ቀን ጫጩት አድጋ እንቁላል መጣል እስክትጀምርና ትንሽ እስክትቆይ የሚወስደው ጊዜ፣ ውጭ ያለው ልጅ ውጤት ሳያይ አያልቅበትም።

የናንተ ዘርፍ የራሱ ቀን አለው። ለተማሪ የምትጽፉ ከሆነ ፈተና፣ ለልብስ ሰፊ ከሆነ የበዓል ሰሞን። እሱን ፈልጉት።

6. ከመስራታችሁ በፊት ሽጡት

ከ40ዎቹ ውስጥ 15 ሰው መርጣ በግል ጻፈችላቸው፣ አንድ አይነት መልእክት ኮፒ ሳታደርግ፣ የእያንዳንዱን ጉዳይ ጠቅሳ። ለአንዷ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦ «ሰላም እትዬ፣ ባለፈው ስለ ክትባት ጠይቀውኝ ነበር። ከርስዎ ሰፈር አምስት ሰው አለኝ፣ በሚቀጥለው ወር ማክሰኞ ጠዋት ባለሙያ ላመጣ ነው። ቦታ የሚይዙት በአባልነት ነው፣ ለሶስት ወር 750፣ ክትባቱ ለብቻው በዶሮ ይካፈላል። እስከ አርብ ስድስት ሰው ካልሞላ ብሩን በዛው ቀን እመልሳለሁ።»

መልሳቸውን በሁለት ክፈሉት። «በጣም ጥሩ ሃሳብ ነው፣ በርቺ» ያለው እምቢ ማለቱ ነው፣ በትህትና። «በየትኛው ቁጥር ልላክ» ያለው ብቻ ነው እሺ ያለው። ከ15ቱ ስድስት ሰባቱ ከላኩ ቀጥሉ። ሁለት ብቻ ከላኩ ብሩን መልሱና ወደ ደብተሩ ተመለሱ፣ ዋጋ አትቀንሱ፣ ዋጋ መቀነስ የተሳሳተን ጥቅም አያስተካክልም። ዋጋው ከሆነ ችግሩ ራሳቸው ይነግሯችኋል፣ «ትንሽ ቀንሺ» ይላሉ፣ እሱ የሚገዛ ሰው ንግግር ነው። ዝም ካሉ ግን ጥቅሙን አልፈለጉትም።

ብር ተቀብለው የጠፉ ቻናሎች ብዙ ስለሆኑ ሰው ቢጠራጠር አትቀየሙ። ለዚህ ነው የሚመለስበት ቀን ተቆርጦ የሚጻፈው።

7. ክፍያውና መግቢያው

ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፣ በሁለት ደቂቃ ይሰራል፣ ፎርዋርድ የተደረገ ቴክስትም እንደዛው። የግብይት ቁጥሩን እንዲልኩላችሁ አድርጉና ከራሳችሁ የቴሌብር ወይ የባንክ መልእክት ጋር አስተያዩት። ከፋዩ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ባል በሚስት ስልክ ይልካል፣ ስለዚህ በስም ሳይሆን በቁጥሩ ነው የምትፈልጉት።

ቴሌግራም ላይ ግሩፑን ፕራይቬት አድርጉና ኢንቫይት ሊንክ ስትሰሩ ሁለት አማራጭ አለ፦ `Request Admin Approval` ካበራችሁ ሰዉ ጠይቆ እናንተ ታስገቡታላችሁ፣ ካላበራችሁት ደግሞ ሊንኩ በአንድ ሰው ብቻ እንዲሰራ መገደብ ትችላላችሁ። ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም። ለ40 ሰው የመጀመሪያው ይሻላል፣ ሊንኩ ቢዘዋወርም ማን እንደሆነ አይታችሁ ነው የምታስገቡት። `Restrict Saving Content` የሚለውንም አብሩት፣ ፎርዋርድና ሴቭ ይከለክላል፣ ግን በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሳትን ማንም አይከለክልም፣ ስለዚህ ብዙ አትጨነቁበት። የዋጋ ዳሰሳው ቢወጣ ይውጣ፣ የክትባት ወረፋ ግን ስክሪንሾት አይደረግም። ጥቅሙን በደንብ ከመረጣችሁ ስርቆት ያን ያህል አያሳስብም።

አባል መመዝገቢያው ጉግል ሺት ላይ ይበቃል። `D` ላይ የከፈለበት ቀን፣ `E` ላይ ስንት ወር እንደከፈለ ጻፉና መጀመሪያ `F2` ላይ የሚያልቅበትን ቀን፣ ቀጥሎ `G2` ላይ የቀረውን ቀን የሚያወጡትን እነዚህን አስገቡ፦

```
=EDATE(D2,E2)
=F2-TODAY()
```

ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምትጽፉት፣ ሺቱ የኛን አያውቅም፣ ለአባሉ ስትነግሩት በኛ ቀይሩለት። `F` ላይ ቀን ሳይሆን ትልቅ ቁጥር ከወጣ ፎርማቱን ወደ ዴት ቀይሩት። `G` ሰባት ሲሆን በግል አስታውሱት፣ ግሩፕ ላይ ስም እየጠሩ ያልከፈላችሁ ማለት ነውር ነው፣ የሰው ኪስ አደባባይ አይወጣም። ካለቀ በኋላ አንድ ሳምንት ጠብቁ፣ ከዛ ያለምንም ንግግር ከግሩፑ አውጡት፣ ነጻው ቻናል ላይ እንዳለ ነው።

ለመኖ የሚሰበሰበው ብር ከአባልነቱ ጋር እንዳይቀላቀል፣ ሌላ አካውንት ይኑረው። ያ ብር የናንተ አይደለም። አይሱዙው ከቢሾፍቱ ሲመጣ የሻጩን ደረሰኝና የጭነቱን ዋጋ ፎቶ አንስታችሁ በዛው ቀን ግሩፕ ላይ ለጥፉ፣ ተራፊ 40 ብርም ብትሆን ስንት እንደተረፈ ጻፉ። ሰው 250 ብር አባልነት ላይ አይከራከራችሁም፣ የኩንታል ሂሳብ ላይ ግን አንዴ ከተጠራጠረ አበቃ።

8. የክትባቱ ጠዋት፣ በተግባር

ጥቅሙ በወረቀት ላይ ጥሩ ሆኖ በቀኑ ሊበላሽ ስለሚችል እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። ቤቶቹ በእግር የሚደረስባቸው መሆን አለባቸው፣ አምስት ቢበዛ ስድስት። ክትባቱ በአይን ጠብታ ከሆነ 20 ዶሮ በሩብ ሰዓት ያልቃል፣ አምስት ቤት ከመንገዱ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ሁለት ሰዓቱ ውስጥ ይገባል፣ ሰባተኛ ቤት ከጨመራችሁ ግን የመጨረሻው ሰውዬ የሞተ ክትባት ነው የሚያገኘው። ማታውኑ ለሁሉም ይጻፋል፦ ዶሮዎቹ ከቤታቸው እንዳይለቀቁ፣ የሚይዝ ሰው ይኑር። (ግቢ ውስጥ 20 ዶሮ እያባረሩ መያዝ ሲጀመር ሰዓቱ እዛው ያልቃል።) የታመመ ዶሮ ያለበት ቤት ካለ በዛ ቀን አይገባም፣ ለብቻው ሌላ ቀን ይያዝለታል፣ ባለሙያውም ከቤት ቤት ሲሄድ ጫማውን ያጸዳል። ይሄን የምትከታተለው እሷ ነች፣ ከፍለውታልና።

9. እየሄደ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ

አዲስ የገባውን አትቁጠሩ፣ የታደሰውን ቁጠሩ። በመጀመሪያው ዙር 25 ጎረቤት ገብቶ በሁለተኛው 18ቱ ካደሱ ደህና ነው። 10 ብቻ ካደሱ የሆነ ጥቅም ቃል የገባውን አልሰጠም፣ አዲስ ሰው እየፈለጋችሁ ቀዳዳውን አትሸፍኑ። ላላደሱት አንድ ጥያቄ ብቻ ላኩ፦ «መጨረሻ የተጠቀሙበት ነገር ምን ነበር?» ለምን ወጣህ ብትሉት ብር አጣሁ ይላችኋል፣ ምን ተጠቀምክ ብትሉት ግን እውነቱን ይናገራል።

ከእያንዳንዱ ጥቅም አጠገብም በሶስት ወሩ ስንት ሰው እንደተጠቀመበት ጻፉ። የሷ ላይ የጋራ መኖ ግዢው ከ25 ሰው ዘጠኙ ብቻ ነው የተጠቀመው፣ ሰንዳፋ ያሉት አይሱዙው የሚያራግፍበት ቦታ ስለራቃቸው። አላስቀረችውም፣ ማራገፊያውን ሁለት ቦታ አደረገችው፣ አንዱን አባል ቤት። ሶስት ሰው ብቻ ቢጠቀም ኖሮ ግን ማውጣት ነው፣ ዙሩ ሲያልቅ፣ መሃል ላይ አይደለም፣ የከፈለ ሰው የተባለውን ሳያገኝ አይቀየርበትም።

ዋጋ ስትጨምሩም እንደዛው፣ ያሉት አባላት አንድ ዙር በድሮው ዋጋ ያድሳሉ፣ አዲሱ ለአዲስ ገቢ ነው። ግሩፑ ላይ አንድ ሰው ሁሉንም ጥያቄ እየመለሰ ሌላውን ዝም ካሰኘ በግል አናግሩት፣ ከሰማ ስራ ስጡት፣ ለምሳሌ የሰንዳፋን ማራገፊያ እሱ ይያዝ። እና እናንተ ታማችሁ ወይ ሌላ ነገር ገጥሟችሁ አንድ ሳምንት ከጠፋችሁ ይቅርታ ብቻ በቂ አይደለም፣ ሺቱ ላይ የሁሉንም የሚያልቅበት ቀን በአንድ ሳምንት ግፉት እና ንገሯቸው። ጨርሶ ካቆማችሁ ደግሞ የቀረውን ወር እያሰላችሁ መልሱ፣ 750 ከፍሎ አንድ ወር የተጠቀመ 500 ይመለስለታል፣ ግሩፑንም ወዲያው አትዝጉት፣ ስልክ እንዲለዋወጡና የክትባቱን ባለሙያ ቁጥር ራሳቸው እንዲይዙ አንድ ሁለት ሳምንት ስጧቸው።